የማረጋገጫ አጽም፦ ረጅም የሒሳብ ምዕራፍ በአንድ ገጽ

የሒሳብ ተማሪ ፈተና ሲቃረብ ማስታወሻውን ያሳጥራል። ብዙዎቹ ቲዎረሞቹን በሳጥን እየከበቡ ይገለብጡና ማረጋገጫዎቹን ይዘላሉ። ጠንቃቃ የሚባለው ደግሞ ማረጋገጫዎቹንም በደቃቅ ጽሕፈት ገልብጦ መስመር በመስመር ይሸመድዳል። የመጀመሪያዎቹ «ለምን?» ተብለው ሲጠየቁ መልስ የላቸውም። ሁለተኛው አንድ መስመር ከተሰወረበት ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋበታል፤ መስመሮቹን በራሱ ውስጥ ያያያዛቸው ልምምድ እንጂ ምክንያት አልነበረምና።

ከሁለቱም የሚሻል መንገድ አለ። ከእያንዳንዱ ማረጋገጫ ሦስት ነገር ብቻ ማስቀረት ነው። አንደኛው ማረጋገጫው የቆመበት ዋና ሐሳብ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ሁለተኛው ከመነሻው እስከ መድረሻው ያሉት ዋና እርምጃዎች ናቸው፤ እነሱን አጽም እንበላቸው። ሦስተኛው ከእርምጃዎቹ አንዱን የሚሸከመው፣ እሱ ቢነሣ ሁሉም የሚወድቅበት ቀድሞ የተረጋገጠ ውጤት ነው፤ የሒሳብ ሰዎች ሌማ ይሉታል። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ምን መጣል ምን መያዝ እንዳለበት መለየት ላይ ነው፤ ያም በአንድ እውነተኛ ምዕራፍ ላይ ተሠርቶ ካልታየ አይጨበጥም።

የቁጥር ቲዎሪ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩበትን ምዕራፍ እንውሰድ። መድረሻው ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው ነገር ነው፦ ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም መቁጠሪያ ቁጥር በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሊጻፍ ይችላል፤ ቅደም ተከተላቸውን ካልቆጠርን ደግሞ አጻጻፉ አንድ ብቻ ነው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ ይቀጥላል። 60ን አንዱ ተማሪ 6 × 10 ብሎ፣ ሌላው 4 × 15 ብሎ መበተን ቢጀምር መጨረሻ ላይ ሁለቱም 2 × 2 × 3 × 5 ላይ ይገናኛሉ። መምህሩ ይህን በሰሌዳ ላይ ሲሠራ «የሁለቱ ውጤት ቢለያይስ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይገኝም። እውነት መሆኑን ስለለመድነው ማረጋገጫ የሚያስፈልገው አይመስለንም። የሒሳብ ታሪክም በዚህ ከእኛ ብዙ አይለይም፤ የዚህ ቲዎረም ዋና አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በተጻፈው በዩክሊድ «ኤለመንትስ» ሰባተኛ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ቲዎረሙን ግን በግልጽ አስቀምጦ በሙሉ ያረጋገጠው የጀርመኑ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ነው፤ እሱም በ1801 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማሳጠር የሚጀመረው ምዕራፉን ከኋላ ወደ ፊት በማንበብ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ትንንሾቹን ውጤቶች ይደረድራል፣ ለምን እንዳስፈለጉ ግን ቶሎ አይነግረንም። ስለዚህ የመጨረሻውን ቲዎረም ይዘን «ይህ በማን ላይ ተደገፈ?» ብለን እንጠይቃለን። የብተናው አንድ ብቻ መሆን የተደገፈው የዩክሊድ ሌማ በሚባለው ላይ ነው። ሌማው የሚለው፦ ብቸኛ ቁጥር p የሁለት ቁጥሮችን ብዜት ab ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከሆነ ወይ aን ወይ bን ያካፍላል። ይህ ሌማ ደግሞ የተደገፈው ቤዙ በተባለው ፈረንሳዊ ስም በሚጠራው ውጤት ላይ ነው፤ የሁለት ቁጥሮች ትልቁ የጋራ አካፋይ ሁልጊዜ በ ax + by መልክ ሊጻፍ ይችላል ይላል፤ x እና y ከዜሮ በታች ሊሆኑም ይችላሉ። የቤዙ ውጤት የተደገፈው በማካፈል ላይ ነው፤ ማንኛውንም ቁጥር ለሌላ ስናካፍል ከአካፋዩ ያነሰ ቀሪ ይኖረናል። ከዚህ በታች ያለው «ባዶ ያልሆነ የመቁጠሪያ ቁጥሮች ስብስብ ሁሉ ትንሹ አባል አለው» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱን እንደ መነሻ እንቀበለዋለን።

እነሆ፣ ገጾች የወሰደው ምዕራፍ አንድ ክር ሆነ። በክሩ ላይ የሌለው ሁሉ፣ ማለትም የትንሹ የጋራ ብዜት ቀመር፣ ስለ ቁጥሮች መጨረሻ አኃዝ የሚናገሩት ጥያቄዎች፣ የቃላት ብያኔ መደጋገሙ፣ ለሌላ ቀን ይቆያል። ካየኋቸው የተማሪ ማስታወሻዎች ብዙዎቹ የሚጎድላቸው ይህ ክር ነው፤ አምስቱም ቲዎረሞች አሉ፣ ማን ማንን እንደተሸከመ ግን አይታይም።

አሁን ወደ ማረጋገጫዎቹ እንግባ። ከክሩ ሥር ያለው የቤዙ ውጤት ነው። በመጽሐፍ ላይ ግማሽ ገጽ ይይዛል። ሥጋው ሲገፈፍ የሚቀረው ይህ ነው፦ በ ax + by መልክ ሊጻፉ ከሚችሉት ከዜሮ የሚበልጡ ቁጥሮች ሁሉ ትንሹን እንምረጥና d እንበለው። aን ለd እናካፍል። የሚተርፈው ቀሪ ራሱ በዚያው መልክ ይጻፋል፤ ግን ከd ያንሳል። d ትንሹ ስለሆነ ቀሪው ዜሮ ከመሆን ሌላ ዕድል የለውም። ስለዚህ d aን ያካፍላል፤ bንም እንዲሁ። በተጨማሪም aን እና bን የሚያካፍል ቁጥር ሁሉ ax + byን፣ ማለትም dን፣ ማካፈሉ ስለማይቀር d ከጋራ አካፋዮች ሁሉ ትልቁ ነው። ዋናው ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ ቀሪው ከቤተሰቡ አይወጣም፣ ነገር ግን ከትንሹ ያንሳል፤ ስለዚህ ቀሪ የለም። ለማየት ያህል 6ንና 10ን ብንወስድ 6 × 2 − 10 = 2 ነው፤ ከ2 ያነሰ ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር በዚህ መልክ አይገኝም፤ 2ም ሁለቱንም ያካፍላል።

ከዚህ ውስጥ የጣልነው ምንድን ነው? ቀሪው r = a − qd ከሆነ በ dው ቦታ ax + byን ተክተን የምናደርገውን ቅንፍ መፍታት ነው። ያን ማንም ሰው ሲጠየቅ በሁለት መስመር ይሠራዋል። ያልጣልነው «ትንሹን እንምረጥ» የሚለውን ነው፤ ማንም በራሱ ቁጭ ብሎ በቀላሉ አይደርስበትምና። የማሳጠር ደንብ ካለ ይህ ይመስለኛል፦ እጅ በራሱ የሚሠራውን ጣል፣ ሰው ካልነገረህ የማታስበውን ያዝ። ደንቡ ከሰው ሰው ይለያያል። ለአንዱ ቅንፍ መፍታት ራሱ ችግር ይሆናል፤ ለሌላው «ትንሹን መምረጥ» ከተለመደ ቆይቷል። ሌላ ሰው ያሳጠረው ማስታወሻ ጥሩ ሆኖም ብዙ ጊዜ የማይጠቅመን በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የዩክሊድ ሌማ አለ፤ የምዕራፉ መገጣጠሚያ እሱ ነው። p ብቸኛ ነው፣ abን ያካፍላል፣ aን ግን አያካፍልም እንበል። p ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ ስለሌለው ከa ጋር የሚጋራው 1ን ብቻ ነው። በቤዙ መሠረት px + ay = 1 የሚሆኑ x እና y አሉ። ሁለቱን ወገን በb እናባዛ፤ pbx + aby = b ይሆናል። በግራ ያለው የመጀመሪያው ቁራጭ p አለበት፤ ሁለተኛው ab አለበት፣ ab ደግሞ ለp ይካፈላል። ስለዚህ bም ለp ይካፈላል። ዋናው ሐሳብ፦ 1ን በpና በa ጻፈው፣ ከዚያ በb አባዛው።

በቁጥር እንየው። p = 7፣ a = 10 ይሁን። 7 × 3 − 10 × 2 = 1 ነው። ስለዚህ b ምንም ይሁን ምን b = 7 × 3b − 2 × 10b ነው። 10b ለ7 የሚካፈል ከሆነ በቀኝ ያሉት ሁለቱም ለ7 ይካፈላሉ፤ ልዩነታቸው bም ይካፈላል። ሙሉው ማረጋገጫ ይኸው ነው፤ በመጽሐፉ ላይ ያለው በ7 ፋንታ p፣ በ10 ፋንታ a መጻፉ ብቻ ነው የሚለየው። ከአጽሙ ጎን እንዲህ ያለ አንድ የቁጥር ምሳሌ ማስቀመጥ ከአሥር መስመር ማብራሪያ የበለጠ ይረዳል።

እዚህ ላይ አጽሙ ላይ ምልክት መደረግ ያለበት አንድ ቦታ አለ፦ «p ብቸኛ ነው» የሚለው ቅድመ ሁኔታ የት ጥቅም ላይ እንደዋለ። የዋለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ «ከa ጋር የሚጋራው 1ን ብቻ ነው» ስንል። p ብቸኛ ካልሆነ ይህ ይከሽፋል፤ 6 የ4 × 9ን ብዜት 36ን ያካፍላል፣ 4ን ግን አያካፍልም፣ 9ንም አያካፍልም። 6 ከ4 ጋር 2ን፣ ከ9 ጋር 3ን ይጋራልና። ቅድመ ሁኔታው የዋለበትን እርምጃ ያላሰመረ አጽም ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ፈታኙ «ይህ ሁኔታ ባይኖርስ?» ሲል ግን ዝም ያሰኛል።

መድረሻው ላይ ያለው ቲዎረም ሁለት ክፍል አለው። መበተን ይቻላል የሚለው ቀላሉ ነው፦ ሊበተን የማይችል ቁጥር ቢኖር ትንሹን እንውሰድ፤ ራሱ ብቸኛ አይደለም፣ ስለዚህ ከእሱ ያነሱ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ እነሱ ግን ይበተናሉ፤ ተቃርኖ። ብተናው አንድ ብቻ ነው የሚለው ደግሞ እንዲህ ነው፦ አንድ ቁጥር ሁለት ብተና አለው እንበል። በግራ ካሉት ብቸኛ ቁጥሮች አንዱን p እንውሰድ። p የቀኙን ብዜት ያካፍላል፤ በዩክሊድ ሌማ በቀኝ ካሉት አንዱን ያካፍላል፤ ያም ብቸኛ ስለሆነ ከራሱ ከp ጋር እኩል ነው። ሁለቱን እናጥፋና በቀረው ላይ እንደግም። ዋናው ሐሳብ፦ ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ እያጠፉ መሄድ።

ይህን ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው «አንድ አንድ ማጥፋት» ላይ ነው፤ ሥራ ስለሆነ ይታያል። ሸክሙን የያዘው ግን «ከቀኞቹ አንዱን ያካፍላል» የምትለዋ አጭር ሐረግ ናት። ምዕራፉን ሲያሳጥሩ ብዙዎች የሚጥሏት እሷን ነው። እንዲህ ይጻፋል፦ «ሁለት ብተና ይኑር። የሚመሳሰሉትን እናጥፋ። ምንም አይቀርም። ተረጋገጠ።» ሲነበብ ደስ ይላል፤ ችግሩ ምንም አለማረጋገጡ ነው።

ምንም አለማረጋገጡን በምን እናውቃለን? ጥሩ መፈተኛ አለ፦ ቲዎረሙ ሐሰት የሆነበት ዓለም ፈልገን አጽሙን እዚያ ማስኬድ። አጽሙ በዚያም ሳይደናቀፍ ከሄደ፣ ሐሰት የሆነን ነገር «አረጋግጧል» ማለት ነው፤ ስለዚህ አንድ አጥንት ጎድሎታል።

እንዲህ ያለ ዓለም ሩቅ አይደለም። ተጋማሽ ቁጥሮችን ብቻ እንውሰድ፦ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10... ሌላ ቁጥር የለም እንበል። በዚህ ዓለም «ብቸኛ» የምንለው የሁለት ተጋማሽ ቁጥሮች ብዜት ሆኖ ሊጻፍ የማይችለውን ነው። 2 ብቸኛ ነው። 4 = 2 × 2 ስለሆነ አይደለም። 6 ግን ብቸኛ ነው፤ 2 × 3 እንዳንል 3 እዚህ የለም። 10፣ 14፣ 18ም ብቸኛ ናቸው። አሁን 36ን እንበትን፦ 36 = 6 × 6 ነው፤ 36 = 2 × 18ም ነው። አራቱም በዚህ ዓለም ብቸኛ ናቸው፤ ሁለቱ ብተናዎች ግን ምንም አይገናኙም። ብተናው አንድ ብቻ አይደለም።

«መበተን ይቻላል» የሚለው አጽም እዚህም ይሠራል፤ ትክክልም ነው፣ እያንዳንዱ ተጋማሽ ቁጥር በእነዚህ ብቸኛዎች ይበተናል። «የሚመሳሰሉትን እናጥፋ» የሚለው የተቆረጠ አጽም ደግሞ ሐሰቱን ቲዎረም ያጸድቀዋል፤ የሚያቆመው እርምጃ በውስጡ የለም። ትክክለኛው አጽም ግን ልክ በሚገባው ቦታ ይቆማል፦ 2 የ6 × 6ን ብዜት ያካፍላል፣ 6ን ግን አያካፍልም። የዩክሊድ ሌማ እዚህ ዓለም ውስጥ የለም። ለምን እንደሌለ በክሩ ወደ ታች ብንከተለው px + ay = 1 ላይ እንደርሳለን፤ የተጋማሾች ድምር ምንጊዜም ተጋማሽ ስለሆነ 1 አይወጣም። ከዚያም ወደ ታች ብንወርድ ማካፈል ራሱ ይከሽፋል፤ 6ን ለ4 ስናካፍል ድርሻው ተጋማሽ ይሁን ካልን፣ 0 ብንል ቀሪው 6 ነው፣ ከ4 ይበልጣል፤ 2 ብንል 8 ሆኖ ከ6 ያልፋል። ክሩ ከሥሩ ተበጥሷል። ምዕራፉ ለምን ከተራ ማካፈል እንደሚጀምር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

ይህ የተማሪ ስሕተት ብቻ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 1847 ገብርኤል ላሜ የተባለ የታወቀ የሒሳብ ሊቅ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ቆሞ የፌርማን የመጨረሻ ቲዎረም አረጋገጥሁ አለ። ቲዎረሙ n ከ2 ሲበልጥ xⁿ + yⁿ = zⁿ የሚሆኑ ከዜሮ የሚበልጡ ድፍን ቁጥሮች የሉም ይላል፤ ያኔ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ማረጋገጫ አጥቶ ቆይቷል። የላሜ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነበር፦ ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን በመጠቀም xⁿ + yⁿን ወደ n አባዢዎች መበተን፤ አባዢዎቹ የጋራ አካፋይ ከሌላቸውና ብዜታቸው የአንድ ቁጥር n-ኛ ርቢ ከሆነ እያንዳንዳቸውም የአንድ ቁጥር n-ኛ ርቢ ናቸው፤ ከዚያ ተቃርኖ ማውጣት።

የመጨረሻው እርምጃ በተለመዱት ቁጥሮች ትክክል ነው። 4 × 9 = 36 ነው፣ 36 የ6 ካሬ ነው፣ 4ና 9 የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ እውነትም ሁለቱም ካሬ ናቸው። በተጋማሾቹ ዓለም ግን 2 × 18 = 36 የ6 ካሬ ሆኖ ሳለ፣ 2ና 18 በዚያ ዓለም የሚጋሩት አካፋይ ሳይኖራቸው፣ አንዳቸውም ካሬ አይደሉም። እርምጃው የቆመው ብተና አንድ ብቻ በመሆኑ ላይ ነው። ላሜ ንግግሩን እንደጨረሰ ጆሴፍ ሊዩቪል ተነሥቶ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፦ በእነዚህ አዳዲስ ቁጥሮች ውስጥ ብተናው አንድ ብቻ መሆኑ መረጋገጥ የለበትምን? በቀጣዮቹ ሳምንታት ላሜም ታላቁ ኮሺም ክፍተቱን ለመሙላት ደከሙ። ግንቦት 24 ቀን ሊዩቪል ከጀርመኑ ኤርንስት ኩመር የመጣ ደብዳቤ ለአካዳሚው አነበበ። ኩመር ብተናው በአጠቃላይ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ከሦስት ዓመት በፊት አሳትሞ ነበር፤ ብቸኛ የሆኑትን n ብቻ ስንቆጥር መጀመሪያ የሚከሽፈው n = 23 ላይ ነው። የፌርማ ቲዎረም በሌላ መንገድ፣ በአንድሩ ዋይልስ ሥራ፣ ሙሉ ማረጋገጫው ታትሞ የወጣው በ1995 ነው።

ላሜ የጻፈው አጽም ውብ ነበር። የጎደለው አንድ አጥንት ነው፤ ያም በተለመዱት ቁጥሮች ውስጥ ሳይታይ የሚሠራው፣ ማንም ማረጋገጫ ያስፈልገዋል ብሎ የማይጠረጥረው አጥንት።

ከመቁረጥ ስሕተት ሌላ የዙሪያ ስሕተት የሚባለው አለ፤ በዚህ ምዕራፍ ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። ተማሪው የዩክሊድን ሌማ አረጋግጥ ሲባል እንዲህ ይጽፋል፦ «p abን ያካፍላል፤ ስለዚህ p በab ብተና ውስጥ አለ፤ የab ብተና የaና የb ብተና ተደምሮ ነው፤ ስለዚህ p ወይ በa ወይ በb ውስጥ አለ።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ነገር ግን «p በab ብተና ውስጥ አለ» የሚለው ብተናው አንድ ብቻ መሆኑን ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የተረጋገጠው በዩክሊድ ሌማ ነው። እያንዳንዱን ማረጋገጫ ለብቻው የሚያነብ ሰው ይህን አያገኘውም። ክሩን በወረቀት ላይ የሣለ ግን ወዲያው ያየዋል፦ ከእያንዳንዱ ውጤት ወደተደገፈበት ውጤት ቀስት ካወጣን፣ ቀስቶቹን ተከትለን ወደተነሣንበት ከተመለስን ማረጋገጫው በራሱ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ሁሉ ምዕራፍ እንዲህ አይታጠርም። በ1976 አፔል እና ሃከን የአራት ቀለም ቲዎረምን በኮምፒዩተር ሲያረጋግጡ ዋናው ሐሳብ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ሊነገር ይችል ነበር፤ ክብደቱ ግን ያለው እጅግ ብዙ ሁኔታዎችን አንድ በአንድ በማጣራቱ ውስጥ ነው። እዚያ አጽሙ መንገዱን ያሳያል እንጂ ሥራውን አይተካም። ደግሞም ዋና ሐሳብ የማረጋገጫው እንጂ የቲዎረሙ አይደለም፤ ጋውስ የዩክሊድን ሌማ በቤዙ ሳይሆን ከብቸኛው ቁጥር የሚያንሱ ቁጥሮችን ወስዶ ትንሹን በመምረጥ አረጋግጦታል። ሁለቱን መንገዶች በአንድ አጽም ቀላቅሎ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ያሳጠሩት ገጽ መሥራቱ የሚታወቀው መጽሐፉ ሲዘጋ ነው። በማግሥቱ ባዶ ወረቀት ይዞ ከአጽሙ ወደ ሙሉ ማረጋገጫ መመለስ ይገባል፤ ገጹን አሥር ጊዜ ማንበብ ይህን አይተካም። እጅ የቆመበት ቦታ አጽሙ ውስጥ የጎደለውን በትክክል ያሳያል፤ በዚያ ቦታ ላይ አንድ ቃል ወይም አንድ ቁጥር መጨመር ይበቃል። ሳይቆም ያለፈበት መስመር ደግሞ ከገጹ ሊሰረዝ ይችላል።

አንባቢ ይህን መንገድ ራሱ ሊሞክረው ከፈለገ የ2 ካሬ ሥር፣ √2፣ በክፍልፋይ ሊጻፍ አይችልም የሚለው ማረጋገጫ ምቹ ነው። አጽሙ ይህ ነው፦ √2 = m/n ነው እንበል፣ ክፍልፋዩም ከዚህ በላይ የማይቃለል ይሁን። m² = 2n² ይሆናል። 2 m²ን ያካፍላል፣ ስለዚህ mን ያካፍላል። m = 2k ብለን ብንተካ n² = 2k² ይሆናል፤ 2 nንም ያካፍላል። ክፍልፋዩ የሚቃለል ሆነ፤ ተቃርኖ። ሸክሙን የያዘው «m²ን ያካፍላል፣ ስለዚህ mን ያካፍላል» የሚለው ነው፤ የዩክሊድ ሌማ ነው። ይህንኑ አጽም በ2 ፋንታ 4ን አድርጋችሁ አስኪዱት፤ √4 = 2 ስለሆነ የግድ መቆም አለበት፤ የሚቆመውም እዚያው ነው፣ 4 የ2ን ካሬ ያካፍላል፣ 2ን ግን አያካፍልም። ከዚያ √12 ላይ ሞክሩት። √12 በክፍልፋይ የማይጻፍ ለመሆኑ ጥርጥር የለም፤ ነገር ግን 12 የ6ን ካሬ 36ን ሲያካፍል 6ን አያካፍልም፣ ስለዚህ አጽሙ እንዳለ አይሄድም። የትኛውን አንድ ቁጥር ብትለውጡ እንደሚሄድ ፈልጉና በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።